ርዕሰ መምህሩ ክፍል የገቡበት ቀን

ኮኔቲከት በምትባለው የአሜሪካ ግዛት፣ ነጭና ጥቁር ልጆች አብረው በሚማሩበት አንድ ትምህርት ቤት፣ ርዕሰ መምህሩ ትምህርት እየተሰጠ ሳለ ወደ ክፍል ይገባሉ። ከመምህርቷ ጋር ጥቂት ተነጋግረው ነጭ ተማሪዎች ሁሉ ለአፍታ እንዲቆሙ ያዛሉ። ታሪኩን የሚተርክልን ልጅም ከጓደኞቹ ጋር ብድግ ይላል። መምህርቷ ግን ስሙን ጠርታ ለጊዜው እንዲቀመጥ፣ ከሌሎቹ ጋር እንዲነሣ ትነግረዋለች። አልገባውምና መልሶ ይጠይቃታል። ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ ትደግምለታለች። ልጁ ይቀመጣል። ከመደንዘዙ የተነሣ «ሌሎቹ» እንዲቆሙ ሲታዘዝ እንኳ አልሰማም።

ይህ ታሪክ የሚገኘው ጄምስ ዌልደን ጆንሰን በ1912 እ.ኤ.አ. ስሙን ሳይገልጥ ባሳተመው ልብ ወለድ መጀመሪያ ላይ ነው። የመጽሐፉ ርዕስ በአማርኛ «የአንድ ቀድሞ ጥቁር የነበረ ሰው ግለ ታሪክ» ሊባል ይችላል። ብዙ አንባቢዎች እውነተኛ የሕይወት ታሪክ መስሏቸው ነበር፤ በ1927 እንደገና ሲታተም ግን የጆንሰንን ስም ይዞ ወጣ። የትምህርት ቤቱ ክፍል ከመጽሐፉ ተለይቶ ቢነበብ ራሱን የቻለ አጭር ልብ ወለድ ይወጣዋል። አንድ ልጅ የቆዳ ቀለም ልዩነትን «ለመጀመሪያ ጊዜ አወቀ» ሲባል ምን እንደሚያውቅ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ጽሑፍ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ልጁ ከዚያ ቀን በፊት ቀለም አያይም ነበር ማለት አይደለም። በክፍሉ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ጎበዝ የሆነው ተማሪ ጥቁር መሆኑን ያያል፤ ፊቱንም በዝርዝር ይገልጽልናል። ጥቁሮቹ ልጆች በሌሎቹ ዘንድ ዝቅ ተደርገው እንደሚታዩም ተገንዝቧል። እንዲያውም አንድ ቀን ነጮቹ ልጆች ጥቁሮቹን በድንጋይ ሲያሳድዱ አብሯቸው ነበር። ቤት ገብቶ ጥቁሮቹን በስድብ ስማቸው እየጠራ ለእናቱ ሲያወራላት ክፉኛ ተቆጣችው። ለምን እንደተቆጣች ግን አላስረዳችውም። ልዩነቱን አይቶታል፤ ራሱን የቆጠረው ግን ከአሳዳጆቹ ወገን ነበር።

ጆንሰን ተራኪውን በመልኩ ከነጭ የማይለይ ልጅ ማድረጉ በብልሃት ነው። አባቱ የደቡብ አገር ነጭ፣ እናቱ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ልጁ የዚያን ቀን ከትምህርት ቤት ሲወጣ አንዳንድ ነጭ ልጆች ያላግጡበታል፤ ከጥቁሮቹም መካከል ድሮም እናውቅ ነበር የሚሉ ይሰማል። ያ ጎበዝ ተማሪ ብቻ ተዉት፣ አታብሽቁት ይላቸዋል። ልጁ እየሮጠ ቤቱ ይገባና መስታወት ፊት ይቆማል። የሚያየው ነጭ ቆዳ፣ ጥቁር ዓይንና ለስላሳ ፀጉር ነው። በመልኩ ላይ የተለወጠ ነገር ፈልጎ ያጣል፤ ምክንያቱም የተለወጠው መልኩ ሳይሆን የተመደበበት ረድፍ ነው። ቆዳው ጠቆር ያለ ልጅ ቢሆን ኖሮ አንባቢው ነገሩን ዓይን ያመጣው ልዩነት ነው ብሎ በቀላሉ ያልፈው ነበር።

ከዚህ ዘመን በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ሥራ ይህን መለየትና መመደብ ነጥሎ ለማየት ይረዳል። በ2006 ያይር ባር-ሃይም የተባሉ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ባለሙያና ባልደረቦቻቸው የሦስት ወር ሕፃናትን የተመለከተ ጥናት አሳተሙ። ለሕፃናቱ የነጭና የጥቁር ሰዎች ፊት ጎን ለጎን እያሳዩ የትኛውን ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚመለከቱ መዘገቡ። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ጥቁር ፊት ላይ፣ እስራኤል የሚኖሩት ነጭ ሕፃናት ደግሞ ነጭ ፊት ላይ ዓይናቸው ቆየ። እስራኤል ውስጥ ያደጉትና የሁለቱንም ዓይነት ፊት በየቀኑ የሚያዩት የኢትዮጵያውያን ልጆች ግን ለየትኛውም አላደሉም። እንግዲህ ሕፃን ገና በደረት ሳለ ፊትን ከፊት ይለያል፤ የሚያዘወትረውም የለመደውን ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሕፃን አድሎ ያውቃል ማለት ግን አይቻልም። መልመድ ሌላ፣ መናቅ ሌላ ነው።

መናቁ እንዴት እንደሚጀምር የሚያሳየው ደግሞ የሬቤካ ቢግለር ሥራ ነው። ይህች አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ በ1990ዎቹ በክረምት ትምህርት ላይ ያሉ ትንንሽ ተማሪዎችን ሰማያዊና ቢጫ ቲሸርት አለበሷቸው። በአንዳንዶቹ ክፍሎች መምህራኑ ልጆቹን በቲሸርታቸው ቀለም ይጠሯቸው፣ በቀለሙ ያሰልፏቸውና ያስቀምጧቸው ነበር። በሌሎቹ ክፍሎች ልጆቹ ያንኑ ቲሸርት ለበሱ፤ መምህራኑ ግን ስለ ቀለሙ ምንም ሳይሉ አስተማሩ። ከሳምንታት በኋላ መምህራኑ በቀለም በሚመድቡበት ክፍል ያሉት ልጆች የራሳቸውን ቡድን ከሌላው አስበልጠው ማየት ጀመሩ። ቀለሙ ያልተነሣበት ክፍል ላይ ይህ አልታየም። የቲሸርት ቡድን ታሪክ የለውም፣ ማታም ይወልቃል፤ ስለዚህ ጥናቱ የቆዳ ቀለም የተሸከመውን ሁሉ አይመዝንም። የጆንሰን ርዕሰ መምህር በአንዲት ትእዛዝ ያደረጉትን ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ማንንም አልሰደቡም፤ መድበው ብቻ ሄዱ።

ሁልጊዜ አዛዥ ያስፈልጋል ማለትም አይደለም። ዱ ቦይስ በ1903 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ተማሪ ሳለ የክፍሉ ልጆች የሚያማምሩ የስም ካርዶች ገዝተው ይለዋወጡ እንደነበር ያወሳል። ጨዋታው ደምቆ ሳለ አንዲት አዲስ የመጣች ልጅ የእሱን ካርድ አልቀበልም አለች። መምህርም ትእዛዝም አልነበረም፤ ልጅቷ ምድቡን ከሌላ ቦታ ተምራ መጥታለች። ሁለቱን ታሪኮች አጠገብ ለአጠገብ ስናነብ፣ በአንዱ ሕጉን ትምህርት ቤቱ ራሱ ሲያስገባው፣ በሌላው ልጆቹ ከውጭ ይዘውት ሲገቡ እናያለን።

ቀሪው ጥያቄ ልጁ ቤት ሲገባ ምን ይሰማል የሚለው ነው። የጆንሰን ልጅ እናቱ ጉልበት ላይ ተደፍቶ፣ የተሰደበበትን ቃል ጠርቶ እሱ ነኝ ወይ ይላታል። ከማንም አታንስም ትለዋለች። ነጭ ነኝ ወይ፣ አንቺስ ነጭ ነሽ ወይ ብሎ ሲያፋጥጣት እሷ ነጭ እንዳልሆነች ታምናለች፤ ወዲያው ግን አባቱ ትልቅ ሰው እንደሆነና በእሱ ውስጥ የደቡቡ ምርጥ ደም እንዳለ ትነግረዋለች። ፍቅሯን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ክፍል ውስጥ ምን እንደተደረገ፣ ያደረጉት ሰዎች ጥፋት ምን እንደሆነ አንድም ቃል አልተናገረችም። ልጁን ያጽናናችው ያንኑ የርዕሰ መምህሩን መለኪያ ተጠቅማ ነው፤ ክብርህ ከነጩ ወገንህ ይመጣል አለችው።

እንዲህ መሸሽ የእሷ ብቻ አይደለም። ኤሪን ፓልኬ፣ ቢግለርና ባልደረባቸው በ2012 ያወጡት ጥናት እንደሚያሳየው፣ አሜሪካውያን ነጭ እናቶች የቀለምን ጉዳይ የሚያነሡ የሕፃናት መጻሕፍት ለልጆቻቸው እንዲያነቡ ሲሰጣቸው አብዛኞቹ ጉዳዩን ሳይነኩት ያልፉ ነበር። የልጆቹ አመለካከት ከእናቶቹ አመለካከት ጋር አልገጠመም። ይልቅ እናትየው ምን ያህል ነጭ ያልሆኑ ወዳጆች አሏት የሚለው ከልጁ አድሎ ማነስ ጋር ተያይዞ ተገኘ። ልጅ በዝምታ ውስጥም ይማራል፤ የሚማረው ግን ቤት የሚገባውንና የማይገባውን ሰው አይቶ ነው።

የጆንሰን ተራኪ ካደገ በኋላ በደቡብ አንድ ጥቁር ሰው በሕዝብ ፊት በእሳት ሲቃጠል ያያል፤ ከዚያም ማንነቱን ትቶ እንደ ነጭ ለመኖር ይወስናል። በመጨረሻም ብኩርናውን በምስር ወጥ እንደ ሸጠው እንደ ኤሳው ሆኖ ይሰማዋል። ያን የመሰለ ፍርሃት በእናት መልስ ብቻ የሚገታ አይደለም። ከወንበሩ እንዲቀመጥ በታዘዘበት ቀን ግን ጥፋቱ የመዳቢዎቹ መሆኑን የነገረው ሰው አልነበረም፤ ስለዚህም ቀሪ ዕድሜውን ጥፋቱን በራሱ ደም ውስጥ ሲፈልግ ኖረ።