«ታይቷል» ከማለት በፊት

በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያለፈ ሁሉ ፕራክቲከምን ያውቀዋል። ሰልጣኟ ትምህርት ቤት ትላካለች፣ ከአንዲት ነባር መምህርት ጋር ትመደባለች፣ ለምታስተምረው ክፍለ ጊዜ የዕለት ትምህርት ዕቅድ አዘጋጅታ ለአማካሪዋ ታቀርባለች። ከዚያ በኋላ ያለው እንደ አማካሪው ነው። አንዱ ከግርጌ «ታይቷል» ብሎ ይፈርማል። አንዱ «ጥሩ ነው፣ በርቺ» ይላል። ሌላው ቀይ እስክሪብቶ አንስቶ ገጹን ያቀላዋል። ሰልጣኟ ግን በሦስቱም ጊዜ ነገ ጠዋት ጠመኔ ይዛ ስትቆም ምን መለወጥ እንዳለባት ሳታውቅ ትሄዳለች።

የሚረዳ አስተያየት ምን እንደሚመስል በምሳሌ እንየው። ሰልጣኟ ለአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ዕቅድ አውጥታለች እንበል። ርዕሱ «ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር» ነው፣ ጊዜው 40 ደቂቃ። ዓላማው ላይ «ተማሪዎች የክፍልፋይን መደመር ያውቃሉ» ብላለች። መግቢያው 5 ደቂቃ ሲሆን አንዲት ጥያቄ አለችው፦ «ከአንድ እንጀራ ግማሹን አባት፣ ሲሶውን እናት ቢበሉ ምን ያህል ተበላ?» ቀጥሎ 25 ደቂቃ አራት ምሳሌዎችን ሰሌዳ ላይ ታስረዳለች። ለመልመጃ 5 ደቂቃ፣ ለምዘና 5 ደቂቃ ተርፏል። «የተማሪው ተግባር» የሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች «ያዳምጣሉ፣ ይጽፋሉ» ይላል። ምዘናው ደግሞ «ገብቷችኋል? ብዬ እጠይቃለሁ» የሚል ነው።

ዕቅዱ ላይ ሊነሳ የሚችል ስህተት ብዙ ነው። ሆሄያት ተዛንፈዋል፣ የመርጃ መሣሪያው ሳጥን ባዶ ነው፣ አራቱም ምሳሌዎች ተመሳሳይ ናቸው። ልምድ ያላት አማካሪ ግን ሁሉንም አታነሳም። «ይህ ዕቅድ እንዳለ ክፍል ቢገባ ልጆቹ የት ላይ ይሳሳታሉ?» ብላ ራሷን ትጠይቅና መልሱን የሚነኩትን ሦስት ነጥቦች ብቻ ትመርጣለች። ማስታወሻዋ እንዲህ ይጀምራል፦

«የእንጀራው ጥያቄሽ ከሕጉ በፊት መምጣቱን ወድጄዋለሁ፤ እንዳትነኪው። ግማሽና ሲሶ ልጆቹ ከቤት ይዘዋቸው የሚመጡ ቃላት ናቸው፤ ስለዚህ ስሌቱን ሳይማሩ መልሱ ከግማሽ እንደሚበልጥ ከወዲሁ ያውቃሉ። ይህ ኋላ ይጠቅምሻል።»

ይህ ሙገሳ ከ«ጥሩ ነው» የሚለየው ጥሩ የሆነው ነገር የትኛው እንደሆነና ለምን እንደሚሠራ ስለሚናገር ነው። ሰልጣኟ ጥያቄውን የጻፈችው ምናልባት እንዲሁ ደስ ስላላት ይሆናል። ምክንያቱን ስታውቅ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ርዕስ ላይ አስባ ትደግመዋለች።

ቀጥሎ ማሻሻያዎቹ ይመጣሉ፦

«አንደኛ፣ ምዘናሽ። ‹ገብቷችኋል?› ሲባል ክፍሉ በአንድ ድምፅ ‹አዎ!› ይላል፤ ማን እንደገባው ግን አታውቂም። በፈንታው መጨረሻ ላይ 1/2 + 1/5 ስጪያቸውና እያንዳንዱ ብቻውን ደብተሩ ላይ ይሥራ። በረድፎቹ መካከል እየዞርሽ መልሱን እዪ። 7/10 ያለው ገብቶታል። 2/7 ያለው ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሯል። 2/10 ያለው ደግሞ የጋራ ታህቱን አግኝቷል፣ ላዕሎቹን ግን አልለወጠም። ለሁለቱ የሚሰጠው እርዳታ የተለያየ ነው። ዓላማሽም ከዚህ ጋር ይግጠም፤ ‹ያውቃሉ› የሚለውን ‹ወደ ጋራ ታህት ለውጠው ይደምራሉ› ብለሽ ቀይሪው፤ መደመራቸውን በዓይንሽ ማየት ትችያለሽና።»

አንዲት ጥያቄ ክፍሉን ለሦስት እንደከፈለችው ልብ ይሏል። አማካሪዋ ምዘናውን «አጠናክሪ» ብላ አላለፈችም፤ ምን እንደሚጠየቅ፣ የትኛው ስህተት ከየት እንደሚመጣ ጽፋለች። ዓላማው በሚታይ ተግባር መጻፍ አለበት የሚለውን ሕግ ሰልጣኟ ከኮሌጅ ታውቀዋለች። እዚህ ግን ሕጉ ለምን እንዳስፈለገ አየችው።

«ሁለተኛ፣ 1/2 + 1/3 ሲባል ብዙ ልጆች 2/5 ይሉሻል። ዕቅድሽ ለዚህ አልተዘጋጀም። አንቺ ራስሽ 2/5ን ሰሌዳ ላይ ጻፊና ‹ይህ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?› በያቸው። ያንሳል። አባት ብቻውን ግማሽ በልቷል፤ እናት ስትጨመር እንዴት ያነሰ ተበላ? ከዚያ በደብተራቸው 6 ሳጥን ያለው አንድ ሰቅ ይሳሉ። ግማሹ 3 ሳጥን፣ ሲሶው 2 ሳጥን፣ በድምሩ 5 ሳጥን፤ 5/6 ማለት ነው። እንጀራውን ለታሪኩ ያዢው፤ ክብን በእጅ ለስድስት እኩል መክፈል ግን ስለሚያስቸግር ለሥራው ሰቁ ይሻላል።

«ሦስተኛ፣ ጊዜው። የተማሪውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች አንብቢው። ልጆቹ 25 ደቂቃ ሙሉ ሌላ ሥራ የላቸውም። ከአራቱ ምሳሌዎች ሁለቱን አውጪ። መግቢያ 5፣ ሰቁን መሳል 10፣ ሁለት ምሳሌ 10፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው መልመጃ መሥራት 10፣ ምዘና 5 ደቂቃ ይሁን። በየደረጃው ተማሪው የሚሠራውን ጻፊ፤ ‹ያዳምጣሉ› የሚለው ቃል ቢበዛ አንድ ጊዜ ይምጣ።»

ማስታወሻው እዚህ ያበቃል። ሆሄያቱስ? አማካሪዋ በቃል ልትነግራት ትችላለች። ከዋናዎቹ ሦስት ነጥቦች ጎን ሲጻፉ ግን ሰልጣኟ ለማረም የሚቀለውን መርጣ የሚከብደውን ትተወዋለች።

ጥሩ ማስታወሻም ከንቱ የሚቀርባቸው መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው መዘግየት ነው። ትምህርቱ ካለፈ በኋላ የደረሰ አስተያየት ዕቅዱን አያሻሽለውም፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት ሲቀረው መድረስ አለበት። ሁለተኛው አማካሪዋ ዕቅዱን ራሷ እንደገና መጻፏ ነው። ያኔ ሰልጣኟ የሰው ትምህርት ይዛ ትገባለች፤ አንድ ተማሪ ያልታሰበ ጥያቄ ሲያነሳ ወረቀቱ ውስጥ መልስ ትፈልጋለች።

ሦስተኛው ነጥብ መስጠት ነው። ሩት በትለር የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው ጥናት፣ በእስራኤል የሚገኙ ተማሪዎች አስተያየት ብቻ ሲሰጣቸው ሥራቸው ተሻሻለ፤ ነጥብና አስተያየት አብረው ሲሰጧቸው ግን መሻሻሉ አልታየም። ጥናቱ በልጆች ላይ ቢሆንም ፕራክቲከም ላይ ያለውን ሰው ያስታውሰናል፤ «12 ከ20» ያየ ዓይን ከሥሩ የተጻፈውን ለማንበብ ትዕግሥት የለውም። ስለዚህ ነጥቡ የተሻሻለው ዕቅድ ተመልሶ እስኪመጣ ቢቆይ ይመረጣል።

አስተያየቱ መሥራቱ የሚታወቀው በተስተካከለው ዕቅድ አይደለም፤ እሱንማ ታዝዛም ታስተካክለዋለች። የሚታወቀው በሚቀጥለው ሳምንት፣ ክፍልፋይን ስለ መቀነስ ባዘጋጀችው አዲስ ዕቅድ ነው። ማንም ሳይነግራት ልጆቹ የሚሳሳቱትን አስቀድማ ጽፋ፣ ለምዘናውም አንድ ስሌት መርጣ ከመጣች፣ አማካሪዋ ያን ጊዜ «ታይቷል» ብላ ትፈርም።