ስሙ የሌለበት መዝገብ
ባሏን ከቀበረች በኋላ የጡረታ ዋስትና እንዳልነበረው ያወቀች እናት ታሪክ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት ናት። ስሟም ሆነ የባለቤቷ መሥሪያ ቤት እንዳይጠቀስ ስለጠየቀችኝ ሁለቱንም ትቻለሁ። ታሪኳን ግን እንድነግርዎ ፈቅዳለች። «ሌላዋ እንደኔ ባሏን ከቀበረች በኋላ እንዳትሰማው» ነው ያለችኝ።

ባለቤቷ ለቡ አካባቢ በሚገኝ የእንጨት ሥራ ድርጅት ውስጥ የማሽን ባለሙያ ነበር። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ተቀጠረ፤ ልክ 12 ዓመት ሠርቶ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ታሞ አረፈ። ዕድሩ ድንኳን ተከለ፣ ጎረቤት ቡና እያፈላ ሰነበተ፣ የሥራ ባልደረቦቹም ገንዘብ አዋጥተው አመጡላት። አርባው ካለፈ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ግን እንደ ድሮው በየወሩ ይመጣል። ያን ጊዜ አንድ ዘመዷ «የጡረታ አበሉን አስጨርሺ እንጂ» አላት።

እሷም ማስረጃዎቿን ማሰባሰብ ጀመረች። ከወረዳ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻና የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከከተማው ፍርድ ቤት ደግሞ የወራሽነት ማረጋገጫ አወጣች። ሁሉንም በአንድ ፌስታል ይዛ ወደ የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና ቅርንጫፍ ሄደች። ባለሙያዋ የባለቤቷን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ተቀብላ ፈለገች። እንደገናም ፈለገች። ከዚያ ቀና ብላ «እናቴ፣ በዚህ ስም የተመዘገበ ሠራተኛ የለም» አለቻት።

«ቁጥሩ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር» ትላለች። «አሥራ ሁለት ዓመት ጠዋት ምሳውን ቋጥሬ የሸኘሁት ሰው እንዴት የለም ይባላል?»

ሕጉ ምን ይላል?

በአገራችን የግል ድርጅት ሠራተኞች በጡረታ ዋስትና እንዲታቀፉ የተደረገው በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው። ይህ አዋጅ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ተተክቷል። ግዴታው ትልልቅ ፋብሪካዎች ላይ ብቻ የተጣለ አይደለም። ለ45 ቀንና ከዚያ በላይ ለሆነ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ ያለው የግል ድርጅት ሠራተኛውን ማስመዝገብና በየወሩ መዋጮ መክፈል አለበት።

መዋጮው ሁለት ድርሻ አለው። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ያዋጣሉ። 10,000 ብር ለሚከፈለው ሠራተኛ ይህ ማለት 700 ብር ከእሱ፣ 1,100 ብር ከድርጅቱ፣ በድምሩ በወር 1,800 ብር ነው።

የባለቤቷ ድርጅት ይህን አላደረገም። ባልደረቦቹ እንደነገሯት አሠሪው መጀመሪያ ላይ ሠራተኞቹን ሰብስበው «ጡረታ ከገባችሁ ደመወዛችሁ ይቀንሳል፤ ሙሉውን ብትወስዱ አይሻልም?» ብለዋቸው ነበር። አብዛኛው ወጣት ነበርና ሁሉም ተስማማ። ባሏም ከተስማሙት አንዱ ነው።

«ታዲያ እሱ ራሱ ከተስማማ ምን መብት አለኝ?» ብላ አዝና ነበር። ይህ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነጥብ ነው። ምዝገባው በአሠሪና በሠራተኛ ስምምነት የሚቀር ነገር አይደለም። ከሠራተኛው ደመወዝ መቀነስ የነበረበትን ያልቀነሰ ድርጅት የሠራተኛውን ድርሻ ጭምር ራሱ እንዲከፍል ሕጉ ያስገድደዋል። ስለዚህ መዋጮው በሙሉ የድርጅቱ ዕዳ ሆነ ማለት ነው።

ስልሳ ሺህ ብር

አሠሪውን ሄዳ አነጋገረች። ክፉ ሰው እንዳልነበሩ ደጋግማ ትናገራለች፤ ለቀብሩም መጥተው አልቅሰዋል። ቡና አዝዘውላት ከቆዩ በኋላ ግን አንድ ወረቀት አወጡ። 60,000 ብር ሊሰጧት፣ እሷ ደግሞ «ከእንግዲህ ከድርጅቱ የምጠይቀው የለም» ብላ ልትፈርም።

ወንድሟ «ተቀበዪ፣ ከባለሀብት ጋር ተከራክረሽ የት ትደርሻለሽ?» አላት። የሁለት ወር የቤት ኪራይ ውዝፍ ነበረባት። እስክሪብቶውን ይዛ እንደነበር ትናገራለች። ያስቆማት በዚያው ሰሞን በሒሳብ ሠራተኝነት የምታገለግል የጎረቤት ልጅ በደብተር ላይ የሠራችላት ስሌት ነው።

ስሌቱ ይኸው። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የጡረታ አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ ይታሰብና ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። የባለቤቷ አማካይ ደመወዝ 10,000 ብር ነበር። 12 ዓመት ስላገለገለ 30 ሲደመር 2.5፣ ማለትም 32.5 በመቶ ይሆናል። አበሉ 3,250 ብር ነው።

ከዚህ ላይ ሚስት ግማሹን፣ 1,625 ብር ታገኛለች። ከ18 ዓመት በታች የሆነ እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ፣ ማለትም 650 ብር ያገኛል። ለሁለቱ ልጆች 1,300 ብር ነው። የቤተሰቡ ድምር በወር 2,925 ብር፣ በዓመት 35,100 ብር ይሆናል።

አሁን 60,000 ብሩን ከዚህ ጋር ያስተያዩት። የሁለት ዓመት አበል እንኳ አይሞላም። ትንሹ ልጅ ደግሞ ስድስት ዓመቱ ነው፤ 18 እስኪሞላው 12 ዓመት ይቀረዋል። እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

ሁለተኛው ወጥመድ

አሠሪው ነገሩ ወደ ማህበራዊ ዋስትና መሄዱን ሲያውቁ ሌላ ሐሳብ አመጡ። «እሺ፣ ላስመዝግበው፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት መዋጮ እከፍላለሁ» አሉ። ይህ ለሰሚው መልካም ይመስላል። ለእሷ ግን ከስልሳ ሺህ ብሩ የባሰ ሊሆን ይችል ነበር።

ምክንያቱ ያ የ10 ዓመት መስመር ነው። በሥራ ላይ ባልደረሰ ጉዳት፣ ለምሳሌ በሕመም የሞተ ሠራተኛ አገልግሎቱ ከ10 ዓመት በታች ከሆነ ቤተሰቡ በየወሩ የሚከፈል አበል አያገኝም። የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ዳረጎት ነው። በወረቀት ላይ ሦስት ዓመት የሠራ ሆኖ ቢቀር ወርኃዊ አበሉ ሙሉ በሙሉ ይቀራል። ስለዚህ «ተመዝግቧል» የሚለው ቃል ብቻውን በቂ አይደለም፤ ከመቼ ጀምሮ የሚለው ነው ወሳኙ።

እናም ትግሉ አንዲት ነገር ማረጋገጥ ላይ ወደቀ። ሰውየው በ2004 ዓ.ም. ሥራ ላይ እንደነበረ ማሳየት። የቅጥር ውል አልነበረም፤ የቅጥር ደብዳቤም አልተሰጠውም።

ቤቱን ገለበጠችው። ከቁም ሳጥኑ በላይ በነበረ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሦስት ነገሮች አገኘች። አንደኛው ደመወዙ በየወሩ የሚገባበት የባንክ ደብተር ነው፤ የሚጀምረው ግን ከ2008 ዓ.ም. ነበር። ሁለተኛው የተበጣጠሰ የሠራተኛ መታወቂያ ነው፤ ቀኑ አይነበብም። ሦስተኛው አንድ ገጽ ደብዳቤ ነበር። ባሏ ከዓመታት በፊት ለወንድሟ ሥራ ማስያዣ ዋስ ሲሆን ድርጅቱ የጻፈለት የዋስትና ደብዳቤ ቅጂ ነው። «ከመስከረም 1 ቀን 2004 ዓ.ም. ጀምሮ የድርጅታችን ቋሚ ሠራተኛ ሲሆን…» ይላል፤ ማኅተምና ፊርማ አለው።

ያ ደብዳቤ የተጻፈው ለሌላ ጉዳይ ነው። ጡረታን ሲጽፉት ማንም አላሰበውም። ድርጅቱ ራሱ ቀኑን በማኅተሙ ስላረጋገጠ ግን ሊክደው አልቻለም። ከዚህ በተጨማሪ ባለሙያዋ አንድ ነገር ጠቆመቻት። ድርጅቱ ከሠራተኞቹ ደመወዝ የሥራ ግብር ቀንሶ ለገቢዎች ሲከፍል የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር አብሮ ያቀርባል። ለግብር ሠራተኛ የነበረ ሰው ለጡረታ ሠራተኛ አልነበረም ሊባል አይችልም። ዝርዝሩ እንዲጣራ በጽሑፍ አመለከተች።

ማጣራቱ ጊዜ ወሰደ። ከዓመት በላይ ተመላልሳለች፤ በዚህ መሐል የጆሮ ወርቋን ሸጣለች፣ ትልቁን ልጅም ከነበረበት ትምህርት ቤት ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት አዛውራለች። በመጨረሻ የ12 ዓመቱ አገልግሎት ተይዞ ውዝፉ በድርጅቱ ላይ ተወሰነ፤ አበሉም ተፈቀደላት። «ገንዘቡ ኑሮዬን አይሞላውም» ትላለች። «ግን በየወሩ ስሙ ተጠርቶ ይመጣል። አለ ማለት ነው።»

ሁሉም እንዲህ አይጨርስም። ድርጅቱ ተዘግቶ ባለቤቱ ቢጠፋ ወይም ያቺ አንዲት ደብዳቤ ባትገኝ መንገዱ እጅግ ይከብድ ነበር። ጥያቄዎ ውድቅ ከተደረገም ውሳኔውን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በማህበራዊ ዋስትና ጉዳይ ለተቋቋመው ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ሊያቀርቡት የሚችሉት እሱን ይዘው ነው።

ዛሬ ማታ

እኔ ራሴ በአንድ የግል ድርጅት በማርኬቲንግ ባለሙያነት እሠራለሁ። የደመወዝ ወረቀቴ ላይ «ጡረታ 7%» የሚለውን መስመር በየወሩ አየዋለሁና ነገሩ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። ይህች እናት ያስተማረችኝ፣ መስመሩ የሚያሳየው ገንዘቡ ከእኔ መቀነሱን እንጂ እዚያ መድረሱን አለመሆኑን ነው። መድረሱን የሚያውቀው ማህበራዊ ዋስትና ነው። ስለዚህ መታወቂያዬንና የግብር መለያ ቁጥሬን ይዤ ቅርንጫፉ ሄድኩና ከመቼ ጀምሮ እንደተመዘገብኩ ጠየቅሁ። ባለቤትዎ በግል ድርጅት የሚሠራ ከሆነ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ከሁሉ የሚቀለው ሰው እሱ ራሱ ነው፤ በሕይወት ሳለ።

ወረቀቶቹንም ዛሬ ማታ አብራችሁ ፈልጓቸው። የቅጥር ደብዳቤ፣ የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤ፣ አሮጌ የባንክ ደብተር፣ የዋስትና ደብዳቤ ቅጂ፣ ማኅተምና ቀን ያለበት ማናቸውም ነገር አይጣል። የጀሞዋ እናት ያን የብስኩት ቆርቆሮ አሁንም ከቁም ሳጥኑ በላይ አስቀምጣዋለች።