ቀኑን ማጨለም ብቻውን ሌሊት አያደርገውም

በጠራራ ፀሐይ የተነሳን ፎቶ ብርሃኑን ብቻ ቢቀንሱለት የሚወጣው ሌሊት ሳይሆን የጠቆረ ቀን ነው። ዓይን ቶሎ ይነቃበታል።

የፊልም ሰዎች ግን በዚህ ዘዴ ሲሠሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የ«ማድ ማክስ፦ ፊዩሪ ሮድ» ሰማያዊ ሌሊት የተቀረጸው በናሚቢያ በረሃ፣ በቀን ነው። በጥላው ውስጥ ያለው ነገር እንዳይጠፋ ምስሉን ሆን ብለው ከልክ በላይ አብርተው ቀረጹት፤ በኋላ በኮምፒውተር አጨለሙት።

አንድ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ቤት እንውሰድ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ከግራ ዘቅዘቅ ብላ ሳለ ተነስቷል። ያቺ ፀሐይ አሁን ጨረቃችን ናት። ጥላው ወደ ቀኝ ስለወደቀ ጨረቃዋም ከፎቶው ውጪ፣ በግራ በኩል መሆን አለባት። ብዙዎች ለማሳመር ከጣሪያው ጀርባ ሙሉ ጨረቃ ይለጥፋሉ፤ እንደዚያ ቢሆን የቤቱ ፊት ጨለማ በሆነ ነበር።

መጀመሪያ የሚነካው ሰማዩ ነው። ለብቻው ተመርጦ፣ ከላይ የጠቆረ፣ ወደ አድማሱ ትንሽ የሚፈካ ጥቁር ሰማያዊ ይደረጋል። በዛፉ ቅጠሎች መካከል የቀን ሰማይ ነጭ ጠርዝ ሆኖ ከቀረ ሥራው ሁሉ እዚያ ላይ ይጋለጣል።

ቀጥሎ ቤቱና ግቢው። በፎቶሾፕ Curves የሚባለውን ከፍቶ የመስመሩን የላይኛውን ጫፍ፣ ማለትም የነጩን በኩል፣ ወደ ግማሽ ግድም ማውረድ ነው። ጥቁሩ ባለበት ይቆይ፤ ከጨለመ ግቢው ይጠፋል። ከዚያ ቀለሙን ማደብዘዝና ትንሽ ሰማያዊ መጨመር። የጨረቃ ብርሃን የፀሐይ ነጸብራቅ እንጂ በራሱ ሰማያዊ አይደለም፤ ነገር ግን በደብዛዛ ብርሃን ዓይናችን ከሁሉ በፊት ቀይን ያጣል። ስለዚህ በአጥሩ ላይ ያለው ቀይ አበባ ከቅጠሉ ይልቅ ሊጠቁር ይገባዋል። የቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ግን ቀጭን ብልጭታ ይተውለት።

መስኮቱ የመጨረሻው ነው፤ እኔ ከሁሉም የምደክምበት እሱ ላይ ነው። ቀን ላይ መስታወቱ ሰማዩን ስለሚያሳይ፣ ያ ነጸብራቅ በመጀመሪያ መሸፈን አለበት። በላዩ ብርቱካናማ ቢጫ ቀለም በአዲስ ሌየር ይቀባና ሌየሩ Screen ላይ ይደረጋል። የዚያው ቅጂ በGaussian Blur ደብዝዞ ከላይ ሲደረብ ብርሃኑ ከመስኮቱ አልፎ ይፈስሳል። ይህ ብቻ ግን አይበቃም፤ ከመስኮቱ ሥር ያለው ደፍና መሬቱም ያንኑ ቢጫ በስሱ መቅመስ አለባቸው፤ አለዚያ መስኮቱ የተለጠፈ ወረቀት ይመስላል። አንዱን መስኮት ጨለማ መተው፣ ሌላውን በመጋረጃ ደብዘዝ ማድረግም ይረዳል፤ ቤት ሁሉ በእኩል አይበራም።

ፎቶው በደመናማ ቀን ከተነሳና ጥላ ከሌለው ጨረቃ የሌለበት ሌሊት አድርጉት፤ የጨረቃ ብርሃን ለመፍጠር አትድከሙ።