ሁለት ቋንቋ በሚነገርበት ሠርግ የሚዜ ቀልድ እንዴት ይመረጣል?

ሙሽራው ኢትዮጵያዊ፣ ሙሽሪት ጀርመናዊት በሆኑበት ሠርግ የአንደኛ ሚዜው ቀልድ ለግማሹ ታዳሚ የሚደርሰው በአስተርጓሚ ነው። ሰምና ወርቅ ያለው ቀልድ ይህን መንገድ አይሻገርም፤ ሁለቱ ፍቺዎች በአንድ የአማርኛ ቃል ስለተቋጠሩ አስተርጓሚው አንዱን ሲይዝ ሌላው ይወድቃል።

የሚሻገረው በድርጊት ላይ የቆመ ቀልድ ነው። ለምሳሌ ሚዜው እንዲህ ቢል፦ «ሙሽራው ‹በሦስት ሰዓት እንገናኝ› አላት። እርሱ ጠዋት መጣ። እርሷ ከቀትር በኋላ መጣች። ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠበቃት። ዛሬ ግን ሁለቱም በሰዓቱ ደረሱ። የዘገየሁት እኔ ነኝ።» የእኛ የጠዋት ሦስት ሰዓት በጀርመኖች አቆጣጠር ዘጠኝ መሆኑን አስቀድሞ መንገር ይበቃል። መሳቂያውም ሚዜው ራሱ ስለሆነ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች አይከፉም።

በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አስተርጓሚው እስኪሰማው ይጠብቃል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ይሁኑ፤ ጽሑፉም በዋዜማው ይሰጠው። ሳቁ በሁለት ዙር ስለሚመጣ ሚዜው ሁለተኛውን ሳይጠብቅ አይቀጥል። ሁለተኛው ሳቅ ከቀረም ቀልዱን ከማብራራት ይልቅ ወደ ምርቃቱ ማለፍ ይሻላል።