ዝግ አጀንዳ በቃለ ጉባኤ ላይ እንዴት ይሰፍራል?

የአንድ ገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበር ሥራ አመራር ኮሚቴ ተሰብስቧል እንበል። ሰባቱም አባላት ተገኝተዋል። አጀንዳዎቹ አራት ናቸው፤ የብድር ወለድ ተመን፣ የቢሮ ኪራይ፣ የጠቅላላ ጉባኤ ዝግጅት፣ በመጨረሻም በገንዘብ ያዧ ካዝና ላይ በተደረገ ቆጠራ የታየ የ38,000 ብር ጉድለት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት የማኅበሩ አባል ሁሉ ቢያነባቸው ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። አራተኛው ግን ገና አልተጣራም። ገንዘቡ ተወስዶ ይሁን ደረሰኝ ሳይመዘገብ ቀርቶ ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም። ሆኖም ቃለ ጉባኤው እንዳለ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈና ፎቶው በቴሌግራም ግሩፕ ከዞረ፣ ሴትየዋ ሳትጠየቅ ተፈርዶባታል። በኋላ የሒሳብ ስህተት ነበር ቢባልም ወሬውን የሚሰበስበው የለም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ብዙ ኮሚቴዎች ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ። የመጀመሪያው «ይሄ አይጻፍ» ማለት ነው። ሰብሳቢው ይናገራል፣ ጸሐፊው እስክሪብቶውን ያስቀምጣል፣ ውሳኔው በቃል ይቀራል። ጉዳቱ የሚታየው ነገሩ ክርክር ሲያስነሳ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ያለው መብት ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል። እንግዲህ ኮሚቴው መቼ አወቀ? መቼ ወሰነ? ስንት አባላት ባሉበት? ያልተጻፈ ስብሰባ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የለውም።

ሁለተኛው መንገድ ሁሉንም በአንድ ላይ ጽፎ ከመበተኑ በፊት ማጥፋት ነው። በወረቀት ከሆነ በቀለም ይሸፈናል፤ በኮምፒውተር ከሆነ ጽሑፉ ላይ ጥቁር ሳጥን ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 በአሜሪካ የፖል ማናፎርት ጠበቆች ለፍርድ ቤት ያስገቡት ሰነድ ላይ የሆነው ይህ ነው። በጥቁር የተሸፈነውን መስመር ኮፒ አድርጎ ሌላ ቦታ ላይ የለጠፈ ሁሉ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አነበበ። ከታዋቂ ጠበቆች ቢሮ ያመለጠ ነገር በአንድ ማኅበር ጸሐፊ ላፕቶፕ ላይ ቢያመልጥ አይገርምም። ስለዚህ ምስጢር የሚጠበቀው ጽፎ በመደምሰስ ሳይሆን ከመነሻው ለይቶ በመጻፍ ነው። ሁለት ሰነድ ይኖራል፤ አንዱ ለአባላት የሚታደል ግልጽ ቃለ ጉባኤ፣ ሌላው ምስጢራዊ አባሪ።

ልየታው የሚጀምረው ስብሰባው ላይ ነው። አራተኛው አጀንዳ ሲደርስ ሰብሳቢው በዝግ እንዲታይ ሐሳብ ያቀርባል፣ ድምፅ ይሰጥበታል፣ መቀመጥ የማያስፈልገው ሰው ይወጣል። በእኛ ምሳሌ ከኮሚቴው አባላት አንዱ የገንዘብ ያዧ ባለቤት ወንድም ነው እንበል፤ እሱም ይወጣል። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ጸሐፊ ራሱ ከጉዳዩ ጋር ንክኪ ካለው፣ ለዚያ አጀንዳ ብቻ ሌላ አባል ይጽፋል። ከዚያ በኋላ በግልጹ ቃለ ጉባኤ ላይ የሚሰፍረው ይህን ያህል ነው፦

«አጀንዳ 4፦ የአስተዳደር ጉዳይ። ጉዳዩ የግለሰብን መብት የሚነካ በመሆኑ በዝግ እንዲታይ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አንድ አባል በጥቅም ግጭት ምክንያት ወጥተው 6 አባላት ከቀኑ 9፡40 እስከ 10፡25 ተወያይተዋል። ውሳኔ ተሰጥቷል፤ ዝርዝሩ በምስጢራዊ አባሪ ቁጥር 3 ተመዝግቧል።»

አንባቢው በር መዘጋቱን፣ ለምን እንደተዘጋ፣ ለስንት ጊዜ እንደቆየ፣ ምልዓተ ጉባኤው እንዳልጎደለና ውሳኔ መኖሩን አወቀ። የወጣው አባል ስም ግን እዚህ አልተጻፈም። «አቶ እገሌ በዝምድና ምክንያት ወጡ» ቢባል፣ ዝምድናውን የሚያውቅ ሁሉ ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል።

አባሪው የራሱ ተከታታይ ቁጥር አለው። ቁጥር 2 እና ቁጥር 4 ተገኝተው ቁጥር 3 ቢጠፋ መጥፋቱ ይታወቃል። በውስጡ የሠራተኛዋ ስም፣ የቆጠራው ቀንና ውጤት፣ የወጣው አባል ማንነት፣ ውሳኔው፣ የድምፁ ብዛት፣ ውሳኔውን የሚፈጽመውና ለእነማን መነገር እንዳለበት ይሰፍራል። ለምሳሌ «ሂሳቡ በ10 ቀን ውስጥ በውጭ ኦዲተር እንዲጣራ፤ እስከዚያ የካዝናው ቁልፍ በሥራ አስኪያጁ እጅ እንዲሆን» ይባላል። ማን ምን ብሎ እንደተቆጣ ግን አይጻፍም። አባሪው ምስጢር ነው ማለት ፍርድ ቤት ሊያስቀርበው አይችልም ማለት ስላልሆነ፣ ዳኛ ፊት ሊነበብ የማይገባው ቃል መጀመሪያውኑ እዚያ መግባት የለበትም።

አባሪው ከግልጹ ቃለ ጉባኤ ጋር በአንድ ፋይል አይቀመጥም፣ በኢሜይልም በቴሌግራምም አይላክም። የሚጸድቀውም ለብቻው ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ግልጹ ክፍል እንደተለመደው ተነቦ ይጸድቃል፤ አባሪው በዝግ ይነበባል፣ በውይይቱ የነበሩት ይፈርሙበታል፣ የታደለ ቅጂ ካለ ተቆጥሮ ይመለሳል። ምስጢር አብዛኛውን ጊዜ የሚያመልጠው በዚህ በማጽደቂያው ቀን ነው፤ ጸሐፊው ሁለቱንም አንድ ላይ አትሞ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣቸዋልና።

ሌላው ማምለጫ ከጎን ያለው አጀንዳ ነው። አጀንዳ 4 ምንም ባይናገርም፣ በዚያው ቃለ ጉባኤ መጨረሻ ላይ «ጊዜያዊ ገንዘብ ያዥ እንዲመደብ» የሚል መስመር ካለ ነገሩ ተነግሯል። ስለዚህ ግልጹ ክፍል ከመበተኑ በፊት በስብሰባው ያልነበረ አንድ ታማኝ ሰው ያንብበው፤ ጉዳዩ የማን እንደሆነ ከገመተ ጽሑፉ እንደገና ይሠራል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዝግ ስብሰባ የኮሚቴ መደበቂያ እንዳይሆን ወሰን ያስፈልገዋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 58 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስብሰባ ግልጽ መሆኑን ደንግጎ፣ በዝግ የሚደረገው ከግማሽ በላይ አባላት ሲደግፉት ብቻ እንዲሆን አድርጓል። በካሊፎርኒያ ብራውን አክት የተባለው ሕግ ደግሞ የከተማ ምክር ቤቶችና የትምህርት ቤት ቦርዶች በዝግ ያሳለፏቸውን በሕጉ የተዘረዘሩ ውሳኔዎች፣ ከነድምፁ ለሕዝብ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። በሁለቱም ዘንድ ውይይቱ ሊዘጋ ይችላል፤ መዘጋቱ ግን በሰብሳቢው ፈቃድ ብቻ አይደለም።

ወደ ማኅበራችን ስንመለስ፣ 38,000 ብሩ የአባላቱ ገንዘብ ነው። ማጣራቱ ሲያልቅ ምን ያህል እንደጎደለ፣ ምን ያህል እንደተመለሰና ምን እርምጃ እንደተወሰደ ጠቅላላ ጉባኤው መስማት አለበት፤ ኦዲተሩም አባሪውን የማየት መብት ሊኖረው ይገባል። ሊጠበቅ የሚገባው ያልተጣራው ክስና የሰውየዋ ስም እንጂ ጉድለቱ አይደለም። የማኅበር፣ የዕድር ወይም የትምህርት ቤት ኮሚቴ አባል ከሆኑ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ጸሐፊውን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት በዝግ የታዩት አጀንዳዎች ስንት ናቸው? አባሪያቸውስ የት ተቀምጧል?