የሯጭ እግር ውኃ ውስጥ

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ነፃ ቀዘፋ ሊማሩ ከሚመጡልኝ ወጣቶች ብዙዎቹ ሯጮች ናቸው፤ ጉልበታቸውን አሟቸው ከአስፋልት ለጊዜው የራቁ። ልባቸውም ሳንባቸውም የተገራ ነው። ሆኖም 25 ሜትሩን ዋኝተው ጠርዙን ሲይዙ ትንፋሻቸው ተቆርጦ ለመናገር ይቸገራሉ። ብዙዎቹ ጥፋቱን በክንዳቸው ድካም ያመካኛሉ። እኔ ግን አስቀድሜ የማየው እግራቸውን ነው።

ባለፈው ክረምት የመጣ አንድ የአሥር ሺህ ሜትር ሯጭ ነገሩን በደንብ ያሳያል። መጀመሪያ ሰሌዳ አስይዤ በእግሩ ብቻ እንዲሄድ አደረግሁት። ውኃው ሲፈላ ይታያል፤ ልጁ ግን ካለበት እምብዛም አይነቃነቅም። ቁርጭምጭሚቱ ለዓመታት መሬት ሲገፋ የጠነከረ ስለሆነ ጣቶቹ ወደ ኋላ አይዘረጉም፣ ወደ ወለሉ ይመለከታሉ። የሚመታውም ከዳሌው ሳይሆን ብስክሌት እንደሚጋልብ ሰው ከጉልበቱ ነው። እንዲህ ሲሆን የጭኑ የፊት ጡንቻ በከባዱ ይሠራል፣ እግሩ ግን ውኃውን ወደ ኋላ አይገፋም።

ቀጥሎ በጭኖቹ መካከል ተንሳፋፊ ስፖንጅ አስይዤ እግሩን ሳያንቀሳቅስ በክንዱ ብቻ አስዋኘሁት። በሙሉ ዋናው ከሄደው ፈጠነ፣ ትንፋሹም ረጋ። ይህ ፍተሻ ብዙ ይናገራል። እግር ሲጨመር የሚዘገይ ሰው እግሩ እየሰጠው ሳይሆን እየወሰደበት ነው። አንደኛ፣ ጭንና መቀመጫ ላይ ያሉት ጡንቻዎች ከሰውነታችን ትልልቆቹ ስለሆኑ ኦክስጅን በብዛት ይፈጃሉ፤ እዚህ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆንን ከአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ያነሰ ነው። ሁለተኛ፣ እግሩ ሲሰምጥ ሰውነቱ ያዘነብልና ውኃው ፊት ለፊት ይይዘዋል።

በነፃ ቀዘፋ ወደፊት የሚወስደን ኃይል አብላጫው ከክንድ ነው። ክንድ ስል ግን የትከሻን ትንንሽ ጡንቻዎች ማለቴ አይደለም። እጅ ከፊት ገብቶ ክርን ከፍ እንዳለ ክንዱ ከክርን በታች ወደ ወለሉ ሲወርድ፣ መዳፍና ክንድ አንድ ላይ መቅዘፊያ ይሆናሉ። ከዚያ የሚስቡት ሰፊው የጀርባ ጡንቻና የደረት ጡንቻ ናቸው፤ መጨረሻ ላይ ከክንድ ጀርባ ያለው ጡንቻ ክርኑን እየዘረጋ ውኃውን በዳሌ አጠገብ ይሸኘዋል። ክርን ቀድሞ ከወደቀ ግን እጅ ውኃውን ወደ ታች ይጫናል፣ ጭነቱም ትከሻ ላይ ይቀራል። ከትከሻ ፊት ለፊት የሚጀምር ሕመም ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

ክርኑን ከፍ አድርጎ መያዝ ደግሞ በደረቱ ለጥ ብሎ ለሚዋኝ ሰው ይከብዳል። አካሉ ወደ ጎን ሲዞር ትከሻው ከፊት ይረዝማል፣ የጀርባው ጡንቻም ተለጥጦ ለመሳብ ይዘጋጃል። ዙሩን የሚያስተሳስሩት የሆድ የጎን ጡንቻዎች ናቸው። 40 ዲግሪ ገደማ ይበቃል፤ ከመጠን በላይ ሲዞር እግሮች እንደ መቀስ ይከፈታሉ።

እግር እውነተኛ ሥራውን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ቀኝ እጅ ሲገባ ግራ እግር ወደ ታች ይመታል፣ የግራ ዳሌ ይነሳል፣ አካል ወደ ቀኝ ይዞራል፤ በዚያው ቅጽበት ግራ ክንድ እየቀዘፈ ነው። ለእያንዳንዱ ክንድ አንድ ምት ብቻ በቂ ነው። ልጁ ግን በአንድ የሁለት ክንድ ዙር ስድስቴና ከዚያ በላይ ይመታ ነበር፣ ከዙሩ ጋርም አይገናኝም።

ስለዚህ ፍጥነት ሳልጠይቀው በጎን ተንሳፍፎ አንድ እጅ ዘርግቶ እንዲሄድ፣ ከዚያ በአንድ ምት ብቻ ጎን እንዲለውጥ አለማመድኩት። ቤቱ ደግሞ ተረከዙ ላይ ተቀምጦ ቁርጭምጭሚቱን እንዲያሳሳብ ነገርኩት፤ ጉልበቱ ካመመው ግን እንዲተወው። የቀዘፋው ቁጥር በ25 ሜትር ከ30 ወደ 24 ወረደ።

ይህ ሁሉ ለረጅም ርቀት ነው። 50 ሜትር ለሚፈተለክ ዋናተኛ በአንድ የሁለት ክንድ ዙር ስድስት ምት ያስፈልጋል፣ ውድድሩም ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ስለሚያበቃ የኦክስጅኑ ዕዳ ብዙም አያሳስበውም። ሁለቱን በአንድ ውድድር ያሳየን ቻይናዊው ሱን ያንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ 1,500 ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ31.02 ሰከንድ ሲያሸንፍ አብዛኛውን መንገድ በጥቂት ምት ሄዶ እግሩን ለመጨረሻው አቆየ። ይህን ለሯጩ ስነግረው ወዲያው ገባው፤ ኃይሌ በሲድኒ ቴርጋትን በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ያለፈበትን አሯሯጥ ያውቃልና።

አሁን በስፖንጁና ያለ ስፖንጁ የሚወስድበት ሰዓት ተቀራርቧል። ያለ ስፖንጁ ይበልጥ የሚፈጥንበት ቀን ገና አልመጣም፤ ጡንቻ ሥራውን በሳምንታት ይለምዳል፣ የጠነከረ ቁርጭምጭሚት ግን ወራት ይፈልጋል።