የጊዜ ማኅተም በዲጂታል ፊርማ ማረጋገጫ ውስጥ ያለው ሚና

አንድ ዩኒቨርሲቲ በፒዲኤፍ የተዘጋጀ የውጤት መግለጫን በዲጂታል መንገድ ሲፈርም ሦስት ነገሮች በሰነዱ ውስጥ ይካተታሉ። አንደኛው ፊርማው ራሱ ነው፤ ሶፍትዌሩ ከሰነዱ ይዘት ሻ-256 በተባለው ስልት ባለ 256 ቢት አሻራ አውጥቶ በፈራሚው የግል ቁልፍ ይፈርመዋል። ሁለተኛው ይፋዊ ቁልፉ የማን እንደሆነ የሚመሰክረው ሰርተፍኬት ነው። ሦስተኛው የጊዜ ማኅተም ሲሆን፣ የዚህ ጽሑፍ ትኩረትም እርሱ ነው።

የተቀባዩ ሶፍትዌር በቅድሚያ አሻራውን እንደገና አስልቶ ከተፈረመው ጋር ያነጻጽራል፤ ከተፈረመው ክፍል አንዲት ፊደል እንኳ ብትለወጥ ሁለቱ አይገጥሙም። ቀጥሎ ሰርተፍኬቱን ከሰጪው፣ ሰጪውንም ከበላዩ ካለው አካል ጋር እያያያዘ አስቀድሞ የሚያምነው የሥር ሰርተፍኬት ዘንድ ይደርሳል። ሥሩ በተቀባዩ ኮምፒውተር ካልተመዘገበ የፈራሚው ማንነት አልታወቀም ይባላል፤ ይህ ግን ሰነዱ ተጭበርብሯል ማለት አይደለም። በመጨረሻ ሰርተፍኬቱ ጊዜው ያላለፈና ያልተሰረዘ መሆኑ ይጣራል። ጥያቄው ግን በየትኛው ቀን ተመዝኖ ነው የሚለው ነው።

ለምሳሌ ሰርተፍኬቱ ከመስከረም 2014 እስከ መስከረም 2016 ዓ.ም. የሚያገለግል፣ ሰነዱም በጥር 2015 የተፈረመ ነው እንበል። ተቀባዩ በ2018 ሲያጣራ በሰነዱ ላይ የሚያየው ቀን ከፈራሚው ኮምፒውተር ሰዓት የተወሰደ ከሆነ ማስረጃ አይሆነውም፤ ያንን ሰዓት ማንም ወደ ኋላ ሊመልሰው ይችላልና። ስለዚህ ሶፍትዌሩ በዛሬው ቀን መዝኖ ሰርተፍኬቱ ጊዜው አልፏል ሊል ይችላል።

የጊዜ ማኅተም ይህን ችግር ይፈታል። በአርኤፍሲ 3161 መሠረት የፈራሚው ሶፍትዌር የፊርማውን አሻራ ብቻ ወደ ጊዜ መስካሪ አካል ይልካል፤ ሰነዱ ራሱ አይላክም። መስካሪው የራሱን ሰዓት ጨምሮ ይፈርምና ይመልሳል። ከዚህ በኋላ ፊርማው ከዚያች ቅጽበት በፊት እንደነበረ ይታወቃል፣ ሰርተፍኬቱም በዚያች ቀን ይመዘናል።

የግል ቁልፉ በግንቦት 2015 ተሰርቆ ሰርተፍኬቱ ቢሰረዝ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። ሌባው በሐምሌ ፈርሞ ቀኑን ጥር ሊያስመስል ይችላል፤ የሚያገኘው ማኅተም ግን የሐምሌ ስለሚሆን ፊርማው ውድቅ ይሆናል። በጥር ማኅተም ያገኘው እውነተኛው ሰነድ ግን ይጸናል። ይህ ጥበቃ የሚሠራው ተቀባዩ ማኅተም የሌለውን ፊርማ ካልተቀበለ ብቻ ነው።

ዘዴው ሁለት ገደቦች አሉት። ሰርተፍኬት ሰጪዎች ጊዜው ያለፈበትን ሰርተፍኬት ከስረዛ ዝርዝራቸው ሊያወጡ ስለሚችሉ፣ ሰርተፍኬቱ አለመሰረዙን የሚያሳየው ምላሽ በጊዜው በሰነዱ ውስጥ መቀመጥ አለበት። የመስካሪው ሰርተፍኬትም ጊዜው ያልፋል፤ ለአሥርት ዓመታት የሚቀመጥ ሰነድ ያ ከመድረሱ በፊት በላዩ አዲስ ማኅተም ሊደረግበት ይገባል።